«ዘግተውታል» እና «ሲስተም የለም»፦ ሁለት ያልተጣሩ መልሶች

ጫጫ ላይ ድረ ገጽ አልከፍት ሲል ሁለት መልሶች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሠራተኛ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይላል። ከመስኮቱ ወዲህ የቆመው ባለጉዳይ ደግሞ «ዘግተውታል» ብሎ ይወጣል። አንዱም ያለውን አላጣራም። ሁለቱም ግን ተሰሚነት አላቸው፤ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሆነው ያውቃሉና።

የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት ጫጫ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መንገደኛ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ለገጠሩ ነዋሪ ግን ጫጫ መተላለፊያ አይደለችም፤ ጉዳዩ የሚያልቅባት ከተማ ናት። ለእሱ «ነገ ተመለሱ» ማለት ሌላ የሥራ ቀን፣ ሌላ የመኪና ሒሳብ ወይም ሌላ የእግር መንገድ ነው። ልጁ ፎርም መሙያው ቀን ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ «ሲስተም የለም» የሚለው ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ስለሆነ እንጂ መልሱ ርካሽ አይደለም።

ከእነዚህ ብልሽቶች አንዱ ዓይነት ግን ከሁለቱ መልሶች በአንዱም አይገለጽም። መስመሩ አለ፤ አገልግሎቱም በቦታው አለ። የጠፋው የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚመልሰው ክፍል ብቻ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም። አንድ ስልክ ወይም አንድ ኮምፒውተር እና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። አምስት ደቂቃ ያላጠፋ ሰው «ነገ» ብሎ የሰው ቀን የማጥፋት መብት የለውም፤ «ዘግተውታል» ብሎ የመክሰስም መብት የለውም።

*ስምና ቁጥር*

ነገሩ ከስልክ ማውጫ አይለይም። ሰው ስልኩ ላይ «እማዬ» የሚለውን ነክቶ ይደውላል እንጂ ቁጥሩን በቃሉ አይዝም። ማውጫው ቢጠፋበት ግን ሲሙ ተቃጠለ ማለት አይደለም። ቁጥሩን በወረቀት የያዘ ሰው ያንኑ ስልክ አንሥቶ ይደውላል፤ እናቱም ታነሣለች።

ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚገኘው በቁጥር አድራሻ ነው፤ ሰው ግን የሚጽፈው ስም ነው። ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚነግረው አገልግሎት ዲኤንኤስ ይባላል። ስልኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለውን ራውተር ነው። ራውተሩ የአገልግሎት ሰጪውን ድርጅት ዲኤንኤስ ይጠይቃል። እሱም ካላወቀው ከላይ ወደ ታች እየጠየቀ፣ ለምሳሌ .et የሚለውን መዝገብ አልፎ፣ የስሙ ባለቤት ዘንድ ይደርሳል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲበጠስ መስመሩ ሙሉ በሙሉ እየሠራ ገጹ «የለም» ይላል።

ለዚህ ብልሽት ብዙ ሰው በየቀኑ እያየ የማያነበው አንድ ምልክት አለ፤ ቴሌግራም ይሠራል፣ ድረ ገጽ ግን አይከፈትም። ሰው ይህን ሲያይ «ሌላውን ዘግተው ቴሌግራምን ትተውታል» ይላል። እውነቱ ቀላል ነው። የቴሌግራም መተግበሪያ የራሱን አገልጋዮች ቁጥር ውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ማውጫ ሳይጠይቅ ይደውላል። ብሮውዘር ግን ያለ ስም አንድ እርምጃ አይሄድም። ሌላም ምልክት አለ። ቅድም የተከፈተው ገጽ አሁንም ይሠራል፤ አዲስ ስም ግን አይከፈትም። መሣሪያው ቀደም ሲል የተነገረውን ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ወይም ለሰዓታት፣ ስለሚያስታውስ ነው። ስለዚህ ብልሽቱ እንደ መብራት በአንዴ ድርግም አይልም፤ ገጾቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ይሄዳሉ።

*አምስቱ ደቂቃ*

ምሳሌ እንውሰድ። ጫጫ ላይ አንድ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለ እንበል። አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ፎርም ሊያስሞሉ መጥተዋል። ገጹ አልከፈት አለ። ባለቤቱ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም፤ ነገ ይመለሱ» ለማለት አፉን ከመክፈቱ በፊት ማድረግ ያለበት ይህ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩንና ስሙን ለየብቻ ይፈትናል። ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቶ እነዚህን ሁለት መስመሮች ተራ በተራ ይጽፋል፦

```
ping 8.8.8.8
ping am.wikipedia.org
```

8.8.8.8 የጎግል የሕዝብ ዲኤንኤስ ቁጥር ነው። Reply from 8.8.8.8 የሚል መልስ ከመጣ ከጫጫ ውጭ ያለው ዓለም ተገናኝቷል፤ መስመሩ አልተቋረጠም። ሁለተኛው መስመር ላይ ግን Ping request could not find host የሚል ከመጣ የተበላሸው ስም መፍቻው ነው። እዚህ ላይ «ኔትወርክ የለም» ማለት ከዚህ በኋላ ሐሰት ሆኗል።

ኮምፒውተር የሌለው ሰው በስልኩ ብሮውዘር ላይ https://8.8.8.8 ብሎ ይጻፍ። ቁጥሩ ከመለሰ የተጻፈው አድራሻ ራሱ ወደ dns.google ይቀየራል። ከተቀየረ በኋላ ገጹ ባይከፈት አይደንገጥ። መቀየሩ ብቻውን ቁጥሩ መልስ እንደ ሰጠ፣ ስሙ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ወደቀ ምስክር ነው።

ማንኛውንም ድረ ገጽ በቁጥሩ ለመክፈት መሞከር ግን ጥሩ ፈተና አይደለም። አንድ ቁጥር ላይ ብዙ ድረ ገጾች ይከራያሉና በቁጥር የመጣውን ጎብኚ አገልጋዩ የትኛውን እንደሚያሳየው አያውቅም። የደኅንነት ማረጋገጫውም የተሰጠው ለስሙ ነው። ስለዚህ ገጹ በቁጥሩ አለመከፈቱ ምንም አያረጋግጥም።

ሁለተኛው እርምጃ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ነው። ልጁ ያንኑ ስም ሁለት የተለያዩ ሰዎችን እንደሚጠይቅ አድርጎ ይጠይቃል፦

```
nslookup am.wikipedia.org
nslookup am.wikipedia.org 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው መስመር የሚጠይቀው ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ነው። የማን መሆኑ Address ከሚለው ቃል አጠገብ ይታያል፤ 192.168.1.1 የሚመስል ቁጥር ከሆነ ራውተሩ ነው። ሁለተኛው መስመር ራውተሩን ዘሎ ጎግልን ይጠይቃል። የመጀመሪያው DNS request timed out ብሎ ሁለተኛው ቁጥር ካመጣ ስሙ አለ፣ መንገዱ አለ፣ የተኛው በመካከል ያለው አስተርጓሚ ነው።

አሁን ተጠርጣሪዎች ሁለት ብቻ ቀሩ፤ የቤቱ ራውተር እና የአገልግሎት ሰጪው ዲኤንኤስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ጥፋቱን ለድርጅቱ ይሰጣል። ልጁ ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል። የራውተሩን የሁኔታ ገጽ ከፍቶ ድርጅቱ ለራውተሩ የሰጠውን የዲኤንኤስ ቁጥር ይቀዳል። ከዚያ nslookup የሚለውን መስመር ይደግማል፤ 8.8.8.8 በነበረበት ቦታ ይህን ቁጥር ያስገባል። በምሳሌያችን መልሱ ወዲያው መጣ። እንግዲህ የድርጅቱ ዲኤንኤስ ደኅና ነው። ለሳምንታት ሳይጠፋ የቆየው ራውተር ነው ሥራውን የተወው። ልጁ ከሶኬቱ ነቅሎ ሠላሳ ሰከንድ ቆይቶ መለሰው። ኮምፒውተሩ የያዘውን አሮጌ መረጃ እንዲጥልም ይህን ጻፈ፦

```
ipconfig /flushdns
```

ገጹ ተከፈተ፤ ፎርሙ ተሞላ። መንግሥት አልዘጋም፤ ድርጅቱም አላጠፋም። አባትየው «ነገ ተመለሱ» ተብለው ሄደው ቢሆን ኖሮ ግን የአንድ ራውተር ስንፍና የሳቸውን ቀን በልቶ ነበር።

የድርጅቱ ቁጥርም ዝም ቢል ኖሮ ውጤቱ ሌላ ነበር። ያኔ ልጁ 994 ደውሎ «ኢንተርኔት የለም» አይልም። «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ 8.8.8.8 ይመልሳል፤ የሰጣችሁን የዲኤንኤስ ቁጥር ግን ስንጠይቀው timed out ይላል፤ ያንኑ ስም ከ8.8.8.8 ስንጠይቅ ይመጣል» ይላል። «ሞደምህን አጥፍተህ አብራ» ተብሎ የማይሸኝ ቅሬታ ይህ ነው። እስኪስተካከልም የኮምፒውተሩን ዲኤንኤስ 8.8.8.8 አድርጎ ደንበኛውን ያስተናግዳል። ይህ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ብቻ የሚታወቁ ስሞችን ጎግል አያውቃቸውምና የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው የራሱን የውስጥ ሲስተም በገዛ እጁ ያጠፋል።

*ጥፋቱ ኪስ ውስጥ ሲሆን*

አንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ሁለት ስልኮች አንዱ እየከፈተ ሌላው እምቢ ካለ ወደ ውጭ ማየት ከንቱ ነው። አንድሮይድ ከስሪት 9 ጀምሮ Private DNS የሚል ማስተካከያ አለው። «ማስታወቂያ ያጠፋል» ተብሎ በየቻናሉ በሚዞር ምክር ተነሣስቶ dns.adguard.com የመሰለ ስም እዚያ የሞላ ሰው አለ። ይህን የሞላ ስልክ ስምን ሁሉ የሚጠይቀው ያንን አንድ አገልጋይ ብቻ ነው፤ በተመሰጠረ መንገድ፣ በ853 በር በኩል። ኔትወርኩ ያንን በር ካላሳለፈ ወይም አገልጋዩ ከወደቀ ስልኩ ሌላ አይጠይቅም፤ Private DNS server cannot be accessed ብሎ ይቀመጣል። ቴሌግራም ግን እየሠራ ነው! ባለቤቱም በዚያው ቴሌግራም ላይ «ኢንተርኔት ዘጉብን» ብሎ ይጽፋል። መድኃኒቱ ማስተካከያውን ወደ Automatic መመለስ ነው።

ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። የስልኩን ዓመት በእጁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ስልኩን ወደ ሰባትና ስምንት ዓመት ኋላ መልሶታል። ያኔ የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ያልተሰጠ ይመስላል፤ ብሮውዘሩም አልከፍትም ይላል። ይህ ግን የስም ብልሽት አይደለም። ማያው ላይ NET::ERR_CERT_DATE_INVALID ይላል እንጂ ስም አላገኘሁም አይልም። ማያው የጻፈውን ማንበብ ግማሽ ምርመራ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

*ሦስት መልስ፣ ሦስት ተጠያቂ*

nslookup ገጹን ሳያገኝ ሲቀር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም። timed out ካለ የተጠየቀው አካል አልመለሰም፤ ተጠያቂው አስተርጓሚው ወይም ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው። Non-existent domain ካለ አስተርጓሚው ሥራውን ሠርቷል፤ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ብሏል። ወይ ስሙ በስሕተት ተጽፏል፣ ወይ ባለቤቱ ምዝገባውን ሳያድስ ቀርቷል። መሥሪያ ቤት የራሱን ስም ሳያድስ ቀርቶ ባለጉዳዩን «ሲስተም የለም» ካለ የሚያመካኘው በኔትወርክ ሳይሆን በራሱ ቸልታ ነው። Server failed ካለ ደግሞ አስተርጓሚው ወደ ባለቤቱ ሄዶ የሚያነጋግረው አጥቷል፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው በባለቤቱ ደጅ ነው።

የሦስተኛው ታላቅ ምሳሌ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደርሷል። በዚያ ምሽት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ዕለቱ አዲስ አበባ ላይ አዲሱ መንግሥት የተመሠረተበት ዕለት ነበር። በዚህ አገር የኖረ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግን የጠፉት በዓለም ሁሉ ነው። ኩባንያው በጥገና ላይ ሳለ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የውስጥ መስመሩን አወረደው። የዲኤንኤስ አገልጋዮቹም ከማዕከላቸው ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው አድራሻቸውን ከኢንተርኔት ላይ አነሡ። ያን ምሽት nslookup የጻፈ ሰው facebook.com ላይ ሲወድቅ ዊኪፒዲያ ላይ መልስ ያገኝ ነበር። የአንድ ባለቤት ስሞች ሁሉ ወድቀው የሌላው ሁሉ ከቆመ ብልሽቱ የባለቤቱ ነው።

*«ግን እውነትም ይዘጋሉ እኮ!»*

አዎ፣ ይዘጋሉ። የዚህ አካባቢ ሰው ይህን የሚነግረው አያስፈልገውም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ይህን ያየ ሕዝብ ከመስመር ጀርባ እጅ ቢያይ ጥፋቱ የሕዝቡ አይደለም። አመኔታውን ያፈረሰው ያለ ማስታወቂያ የዘጋው አካል ነው።

ነገር ግን መዘጋት ምልክት አለው፤ ምልክቱም ከስም ብልሽት ይለያል። የሞባይል ዳታ ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ 8.8.8.8ም አይመልስም፤ ቁጥርም ስምም አብረው ይሞታሉ። ተለይቶ የታገደ ገጽ ሲሆን ደግሞ ስሙ ወደ ቁጥር ይፈታል፤ ግንኙነቱ ግን ሲጀመር ይቆረጣል። ኦኒ የተባለው የኢንተርኔት ሳንሱር መርማሪ ቡድን ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያልፈውን መረጃ ውስጡን እየፈተሸ የሚያግድ ቴክኖሎጂ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አቅርቧል። ያንን ዓይነት እገዳ ዲኤንኤስ መቀየር አይፈታውም። ሦስተኛው መንገድ ማውጫው ራሱ እንዲዋሽ ማድረግ ነው። ያኔ ሁለቱ የnslookup መልሶች ይለያያሉ፤ አንዱ «የለም» ይላል ወይም የማይመስል ቁጥር ይሰጣል። ትላልቅ ድረ ገጾች እንደየቦታው የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጡ የቁጥር መለያየት ብቻውን ግን ክስ አይሆንም።

ምርመራው ወሰንም አለው። አንዳንድ ኔትወርክ ping የሚባለውን ጥያቄ ስለማያሳልፍ የ8.8.8.8 ዝምታ ብቻውን የመቋረጥ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በብሮውዘሩም መሞከር ያስፈልጋል። ወደ 8.8.8.8 የሚሄደው ተራ ጥያቄም ስላልተመሰጠረ በመንገድ ላይ ያለ አካል በጎግል ስም ሊመልስለት ይችላል። እንዲያም ሆኖ ሰዓት የተጻፈበት ውጤት ከአንድ ሺህ «ዘግተውታል» ይበልጣል። በእውነት የዘጋ አካል «ተራ ብልሽት ነው» ለማለት የሚመቸው ትናንት ተራው ብልሽት ሁሉ «ተዘጋ» ተብሎ ስለ ነበር ነው። ራውተሩ በተኛ ቁጥር መንግሥትን የከሰሰ ሰው እውነተኛው መዘጋት ሲመጣ የሚሰማው አያገኝም።

ቢሮዎችም በዚሁ ሚዛን ይለኩ። «ሲስተም የለም» የሚለው ወረቀት ከመለጠፉ በፊት ሦስት ነገር ይጻፍበት፤ ቁጥሩ መለሰ ወይስ አልመለሰም፣ ስሙ ተፈታ ወይስ አልተፈታም፣ ለማን በስንት ሰዓት ተነገረ። ይህን ለመሙላት አዲስ በጀት አይጠየቅም፤ የሚያስፈልገው አራት መስመር ትእዛዝ ነው። ይህን ያልጻፈ ቢሮ «ሲስተም የለም» ሲል ባለጉዳዩ «ስሙ ነው ወይስ መስመሩ የጠፋው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ከሌለ የጠፋው ሲስተሙ ሳይሆን የሚያጣራው ሰው ነው።